ሰው በውክልና አይመዘንም

ጎንደር፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ አንድ እግሯ በሽቦ የታሰረ ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ባዬ የሚባል ሰው ነበር። ትልቁም ትንሹም አያ ባዬ ይለዋል። ቀጭን ነው፤ ቀጭን ስላችሁ ደግሞ እንዲያው ለወሬ ያህል አይምሰላችሁ። ነፋስ የተነሣ ቀን ወረቀቱን በድንጋይ ይጭናል፣ እሱን ግን ማን ይጫነው እያሉ ጠበቆቹ ይሥቁበት ነበር። ጽሕፈቱ ግን ሸጋ ነው። የዳዊትና የድጓ እጅ ያለው፣ አንዱ ፊደል ሌላውን የማይረግጥ፣ ዳኛው መነጽር ሳያደርግ የሚያነበው ጽሕፈት ነው።

አንድ ክፉ አመል ነበረበት፤ ይጠይቃል። ልጅ ሳለ ቅኔ ቤት ገብቶ የኔታን በጥያቄ አላስቀምጥ አላስነሣ ቢላቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ወይ አንተ ሂድ ወይ እኔ ልሂድ» ብለው አሰናበቱት። በጣሊያን ጊዜ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ቆሞ ሞተሩ በምን እንደሚዞር ሲጠይቅ ውሎ ሰላይ ነው ተብሎ ሁለት ቀን ታሥሯል። እስር ቤትም ገብቶ መቆለፊያው ከየት አገር እንደመጣ ጠየቀ። ንጉሡ ተመልሰው አገር ሲረጋ ነው ይህችን ጠረጴዛ የዘረጋት፤ ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ሰው ደግሞ ጉዳዩን መናገሩ ግድ ነውና፣ ሳይመቱት የሚጠይቅበት እንጀራ አገኘ። ሚስቱ ሽታዬ «ለጽሕፈቱ ሳይሆን ለወሬው ነው የሚሄድ» ትለው ነበር፤ እውነቷን ነው።

እንግዲህ በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ አንዲት ወጣት ሴት ነጠላዋን አጣፍታ፣ የመንገድ አቧራ እንደለበሰች ከፊቱ ቆመች። ከአምባ ጊዮርጊስ በጭነት ማኪና ነው የመጣችው። ወለላ እባላለሁ አለች።

«አያ ባዬ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ተቀመጪ፤ ምን ደረሰብሽ ልጄ?»

«ባሌን አልለቅ ያለ ማኅበር አለ፤ ክሰሱልኝ።»

ባዬ ብዕሩን ከቀለሙ ነክሮ፣ «የጽዋ ማኅበር ነው?» አላት።

«አይደለም።»

«ዕድር ነው?»

«አይደለም አያ ባዬ። ብረት የሚያነሡበት ነው።»

ብዕሩ በአየር ላይ ቀረ። «ብረት? ወዴት ነው የሚያነሡት?»

«ወደ ላይ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መልሰው ያስቀምጡታል።»

«በስመ አብ! ለዚህ ነው መዋጮ የሚከፈለው?» አለ ባዬ፤ ዓይኑ ግን እንደ ልጅ ዓይን በራ። ከዚህ በኋላ ያቺን ሴት ሳያስጨርስ መልቀቅ አይችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ክንዱ የጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ጎንደር ሳለ ፒያሳ አጠገብ ካለው የሰውነት ማጎልመሻ ክበብ ገባ፤ ሲገባም በየወሩ ሁለት ሁለት ብር ከደመወዙ እየተቆረጠ ለክበቡ እንዲሰጥ ፈረመ። ዓምና ወደ አምባ ጊዮርጊስ ተዛወረ። ሁለት ወር እንኳ ሳይቀመጥ ሳንባውን ታመመ፤ ጎንደር ሆስፒታል ሦስት ወር ተኝቶ፣ መርፌውን ጨርሶ ወጣ። ሐኪሙ ሲያሰናብተው «በሽታው ቆሟል፤ እንዳይመለስ ከፈለግህ ወተት፣ እንቁላል፣ ዕረፍት» አለው። ደመወዙ በሕመም ፈቃድ ተጋምሷል። ከተጋመሰው ላይ ያቺ ሁለት ብር አሁንም በየወሩ ትቆረጣለች።

«ደመወዝ ከፋዩ ዘንድ ሄድሁ» አለች ወለላ። «ክበቡ በማኅተም ‹አሰናብተነዋል› ብሎ ካልጻፈልኝ እኔ ማቆም አልችልም አለኝ። ክበቡ ዘንድ ሄድሁ፤ ራሱ ካልመጣ አናሰናብትም አሉኝ። የሐኪም ወረቀት አሳየኋቸው። የዝውውር ደብዳቤ አሳየኋቸው። ራሱ ይምጣ ይላሉ። ያች ሁለት ብር የወሩ ወተቱ ናት አያ ባዬ። ሰውየው ከእጄ ሊያመልጥ ነው።» ይህን ብላ ተቆጥታ ነጠላዋን አጠበቀች።

ባዬ ጻፈ። አመልካች አቶ ክንዱ፣ ወኪል ባለቤቱ ወይዘሮ ወለላ ብሎ፣ መዛወሩን፣ መታመሙን፣ ሁለቱም ወረቀት መያያዙን ዘርዝሮ፣ «ስለዚህ ክበቡ የስንብት ደብዳቤ ይስጠኝ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ሌላ ጊዜ የማያደርገውን አደረገ፤ ማመልከቻውን ራሱ ይዤ እሄዳለሁ አለ። ለሷ አዝኖ ነው ብላችሁ እንዳታመሰግኑት። ብረቱን ሊያይ ነው።

ክበቡ ጣሊያን ማኪና ይጠግንበት የነበረ አዳራሽ ነው። ባዬና ወለላ ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ደረሱ፤ እሷ በሩ ላይ ቀረች፣ እሱ አንገቱን አስግጎ ገባ። ውስጡ ዐሥር ያህል ወጣቶች ላብ በላብ ሆነዋል። አንዱ ጀርባው ላይ ተኝቶ የጭነት ማኪና አክሰል ከደረቱ ወደ ላይ ይገፋል፤ በአክሰሉ ጫፍና ጫፍ ሲሚንቶ የተሞላ የዘይት ቆርቆሮ ተተክሏል። አንዱ ከጣራው በወረደ ገመድ ላይ ይንጠላጠላል። ባዬ ወደ ተኛው ጠጋ ብሎ፣ «ልጄ፣ ቢወድቅብህስ?» አለው። ልጁ ሣቁ መጣና እውነትም ሊወድቅበት ሲል ሌሎቹ ደረሱለት።

«ማነው ሰው የሚያስቀው!» ብሎ የመጣው አሥር አለቃ አላምረው ነው። ጡረታ የወጣ ወታደር፣ አንገቱ ከትከሻው የተጣበቀ፣ የክበቡ አሠልጣኝም ሰብሳቢም እሱ ነው። ባዬ ማመልከቻውን ሰጠው። አላምረው ቆሞ አነበበ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«ደንብ አለን፣ አያ» አለ። «ደንብ ዘጠኝ። አባል ሲገባ ይመዘናል፣ ሲሰናበትም ራሱ ቀርቦ ይመዘናል፤ ካልተመዘነ አልተሰናበተም።»

«ምነው? ለምን ይመዘናል?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ምን አገባህ» ይባል ነበር። ባዬ ግን ሲጠይቅ ክፋት የለበትም፤ ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ይህ ደግሞ ያስታውቃል። አላምረው ለስለስ ብሎ ነገረው። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት እናት መጥታ «ልጄን በብረት አክስታችሁ ላካችሁብኝ» ብላ ፖሊስ ጣቢያ ከሰሰች። ልጁ ከክበቡ ከወጣ ዓመት ሆኖት ነበር፤ የከሳው ሌላ ቦታ ነው፤ ግን ማስረጃ ከየት ይምጣ። ከዚያ ወዲህ ነው የአባሉ ክብደት ሲገባም ሲወጣም በመዝገብ የሚሠፍር። ኪሎው ጮክ ተብሎ ይጠራል፣ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጻፋል፣ ያለው ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ ሁሉም ምስክር እንዲሆን ነው።

«ሸጋ ደንብ ነው» አለ ባዬ። «ማን አወጣው?»

አላምረው መዝገቡን ከፈተና አሳየው። ደንቡ በንጹሕ የጸሐፊ እጅ ተጽፏል፤ ከግርጌው «የክበቡ ጸሐፊ፣ ክንዱ» የሚል ፊርማ አለ።

«እሱ ነው የጻፈው» አለ አላምረው። «እሱ የጻፈውን እኔ ልሰርዝ? ያንን እይ።» ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ሸሚዝ የሌለው ጎልማሳ ያንን አክሰል ከራሱ በላይ አድርሶ፣ ጥርሱን ገልጦ ይሥቃል። «ክንዱ ነው፤ ያኔ ሰባ ስምንት ኪሎ ይመዝን ነበር። እዚህ ቤት እንደሱ ያነሣ የለም። እውነት ለመናገር ሁለት ብሩን ፈልጌ አይደለም። ይምጣና ዓይኑን ልየው። ዓመት ሙሉ አንዲት መልእክት አልላከልኝም!» ቅር መሰኘቱ እንዲህ ፊት ለፊት ወጣ።

ባዬ ማመልከቻውን መልሶ ተቀብሎ ሊወጣ ሲል ዓይኑ ማዕዘን ላይ ከቆመች የብረት ሚዛን ላይ አረፈ። የጣሊያን ሚዛን ናት፤ እንደ በር ጠባቂ ቀጥ ብላ ቆማለች። እግሩ አልሄድ አለው።

«እንዴት ነው የምትሠራው?»

«ይውጡባት አያ።»

ወጣ። አላምረው በሚዛኗ ዘንግ ላይ ያለችውን ብረት ወዲያና ወዲህ ገፋ አድርጎ፣ በወታደር ድምፅ «አርባ ዘጠኝ ኪሎ!» ብሎ ጮኸ። ወጣቶቹ ሁሉ ብረታቸውን ጥለው አጨበጨቡ። ለቀልድም ቢሆን ከልባቸው ነው ያጨበጨቡት። ባዬ ሃምሳ አምስት ዓመት ሲኖር ማንም አጨብጭቦለት አያውቅም። ያን ዕለት ማታ ሽታዬን «አርባ ዘጠኝ ነኝ እኮ» ቢላት፣ «ምኑ?» አለችው፤ ራቱንም ከወትሮው አብልጦ በላ።

ደብዳቤ ግን አልተገኘም። ቀጥሎ ያለው የአጥቢያ ዳኛው ነው። የዚያ ሰፈር አጥቢያ ዳኛ ግራዝማች ተክለ ጊዮርጊስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤታቸው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ፤ ትንንሹን ክርክር፣ መጀመሪያ አስታርቀው፣ እምቢ ሲል ፈርደው የሚልኩ ሰው ናቸው። ወለላ ቀረበች፣ አላምረውም መዝገቡን በብብቱ ይዞ ቀረበ። ባዬ ከበረንዳው ሥር ቆሞ ይሰማል።

ግራዝማች ማመልከቻውን አነበቡ፣ የሐኪሙን ወረቀት አዩ፣ የዝውውሩን ደብዳቤ አዩ፣ ደንቡን አስነበቡ። «ሰውየው ታሟል፣ አገርም ለቋል። ምነው አሥር አለቃ፣ እንዴት ነው ደግሞ በግድ ብረት አንሣ የምትለው?»

«አንሣ አላልኩም ጌታዬ። ይመዘንና ይሂድ ነው ያልኩ። ደንቡን አምኖ ፈርሟል፤ የጻፈውም እሱ ነው።»

«በወኪሉ ቢሆንስ? ሚስቱ አለች።»

«ሰው በውክልና አይመዘንም ጌታዬ!» አለ አላምረው። «እሷን መዝኜ በሱ ስም ልጻፍ?»

በረንዳው ላይ ያለው ሁሉ ሣቀ፤ ግራዝማችም ከጢማቸው ሥር ፈገግ አሉ። ሣቁ ሲበርድ ግን ወደ ወለላ ዞሩ። «ለመሆኑ ልጄ፣ ወኪል ነኝ ብለሻል። የውክልናው ወረቀት የታለ?»

ወለላ ወደ ባዬ ዞረች። ባዬ ጥፋቱ ያኔ ገባው። ሞት ይርሳኝ! ሃያ ዓመት ማመልከቻ ጽፎ፣ ስለ አክሰሉና ስለ ቆርቆሮው ሁሉን ጠይቆ፣ ማንኛውም ጀማሪ የሚጠይቀውን ያችን አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቅ «ወኪል» ብሎ ጽፏል። ግራዝማች ጽሕፈቱን ያውቁታል፤ ቀና ብለው አዩት እንጂ ስሙን አልጠሩም። «በስምንት ቀን ወይ ባልሽ ይምጣ፣ ወይ የፈረመበት ውክልና ይምጣ። አለዚያ ክሱን እዘጋዋለሁ» ብለው ማመልከቻውን መልሰውላት ቀጠሩ።

መንገድ ላይ ባዬ አልቻለም። «ልጄ፣ ቀላል ነገር ነው፤ ነገ ይፈርምልሽ» አላት።

«አይፈርምም።»

«ምነው?»

ወለላ ቆመች። «መክሰሴን አያውቅም። አልነገርኩትም። ከክበቡ ውጣ ባልሁት ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ምን ላድርግ? ወተቱን ከየት ላምጣው?» አሁን አለቀሰች፤ መንገደኛው እያያት አለቀሰች። ባዬ ተናደደ፤ በሷ አይደለም፣ በራሱ ነው። የሰው ስም ከነሙሉ ክብሩ ጽፎ፣ ሰውየውን «ትፈልጋለህ ወይ?» ሳይል ዳኛ ፊት አቁሞታል። በማግስቱ በራሱ ገንዘብ ማኪና ተሳፍሮ ከሷ ጋር ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጣ።

አምባ ጊዮርጊስ ብርድ ነው። ክንዱ ከቤቱ ደጅ፣ ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳ ሥር፣ በሁለት ጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ባዬ ያንን ፎቶግራፍ ባያይ ኖሮ ይህ ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ትከሻው የት ገባ? አንገቱ እንኳ ሌላ ነው። ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ናቸው የቀሩ።

ወለላ አስተዋወቀችና ያደረገችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረች፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ሸሸች። ክንዱ ማመልከቻውን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ጽሕፈቱ ሸጋ ነው» አለ። «ግን ይህን ያመለከትሁት እኔ አይደለሁም።»

«አይደለህም፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታህን ልጠይቅ ነው የመጣሁ። ደግሞ ሌላም ልጠይቅህ ነው። ከግማሽ ደመወዝህ በየወሩ የምትቆረጠውን እያየህ ዝም ያልኸው ምነው?»

ክንዱ ማመልከቻውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። በኋላ፣ «በየወሩ ስትቆረጥ፣ አሁንም አባል ነኝ ማለት ነው» አለ። «የደመወዙ ወረቀት ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው። ያቺ ከቆመች ግን አለቀልኝ ማለት ነው አያ ባዬ። አልመለስም ማለት ነው።»

«መሰናበቱ ነው የከበደህ? ወይስ መመዘኑ?»

ክንዱ፣ ይህ ሰው የት ድረስ ይጠይቃል ብሎ ሳይገረም አልቀረም። ጋቢውን ወደ አንገቱ ሳበ። «ሁለቱም። ያቺን ሚዛን ያውቋታል? ኪሎ ጮክ ተብሎ ይጠራባታል። ደንቡን እኔ ነኝ የጻፍሁት፤ ‹ጮክ ተብሎ› የሚለውን የጨመርሁትም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሰባ ስምንት ነበርሁ፤ መጠራቱ ደስ ይለኝ ነበር። ሆስፒታል ሲያሰናብቱኝ ስንት እንደሆንሁ ያውቃሉ? ሃምሳ አንድ። ያንን ያህል የዓይን ምስክር ፊት፣ ፎቶዬ ሥር ቆሜ፣ ሃምሳ አንድ ተብዬ ልጠራ? አዝነውልኝ ያጨበጭቡልኛል፤ ሞቼ እገኛለሁ።»

ባዬ ድንገት ቀና አለ።

«ሃምሳ አንድ? እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እንግዲያው በሁለት ኪሎ ትበልጠኛለህ!»

ክንዱ አላመነም። ባዬ ነገሩን ከሥር ጀምሮ ነገረው፤ አላምረው እንዴት እንደጮኸ፣ ልጆቹ ብረታቸውን ጥለው እንዴት እንዳጨበጨቡ፣ እሱ ራሱ ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ እንዴት እንደሄደ፣ ሽታዬም «ምኑ?» እንዳለችው። ተነሥቶ አካሄዱን ሁሉ ቢያሳየው፣ ያ ቀጭን ሰው ደረቱን ነፍቶ ሲንጎራደድ ቢያየው፣ ክንዱ ሣቀ። እስኪያስለው ድረስ ሣቀ። ወለላ ሳሉን ሰምታ ሮጣ ብትወጣ ባሏ እንባውን ይጠርጋል፤ ለምን እንደሚያለቅስ አላወቀችም።

«አሥር አለቃ ‹ይምጣና ዓይኑን ልየው› ብሏል» አለ ባዬ። «አንዲት መልእክት አልላከልኝም ብሎ አኩርፎሃል።»

«አላምረው እንዲህ አለ?»

«ከአፉ ነው የሰማሁት። እኔ አልጫንህም። ከፈለግህ ውክልናውን እጽፋለሁ፣ ዳኛው እንደፈለገ ያድርግ። ካልፈለግህም ማመልከቻውን እዚሁ እቀደዋለሁ። ያንተ ስም ነው።»

ክንዱ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው። ውክልና ጻፍልኝም፣ ቅደደውም አላለም። «ማኪናው መቼ ነው የሚመለሰው?» ብቻ አለ።

በሳምንቱ ዓርብ፣ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድሞ፣ በዚያው በዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ክንዱ ከነጋቢው አዳራሹ ደጃፍ ላይ ቆመ። ወለላ ባለፈው እንዳደረገችው በሩ ላይ ቀረች፤ አላየውም ብላ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ባዬ ከኋላው ነው።

መጀመሪያ ያየው አላምረው ነው። ዓመት ሙሉ ያጠራቀመው ኩርፊያ የት እንደገባ እንጃ። መጥቶ ሊያቅፈው እጁን ዘረጋና እንዳይሰብረው የፈራ ይመስል ትከሻውን በመዳፉ ብቻ ነካ። ወጣቶቹ አንድ በአንድ ብረታቸውን አስቀመጡ። አዲሶቹ ፎቶውን ያያሉ፣ ሰውየውን ያያሉ።

«ልመዘን ነው የመጣሁ» አለ ክንዱ።

«ተወው፣ ወንድሜ። ደብዳቤውን አሁን እጽፍልሃለሁ። ደንቡም ይቅር።»

«አይቀርም። እኔ ነኝ የጻፍሁት።»

ጋቢዎቹን አንድ በአንድ አወለቀ፤ ባዬ ተቀበለው። ጫማውን አወለቀ። ሚዛኗ ላይ ወጣ። አላምረው ብረቷን ወዲያና ወዲህ ገፋ። አነበበ፤ ወደ ክንዱ ጆሮ ጎንበስ አለ።

«ጮክ በል» አለው ክንዱ። «ደንቡ ጮክ ይላል።»

«ሃምሳ ሦስት ኪሎ» አለ አላምረው።

አንድም ሰው አላጨበጨበም። ወጣቶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ቢያጨበጭቡ ያፌዙበት መስሏቸዋል፤ ባያጨበጭቡም ከፋ። ባዬ ጋቢውን ታቅፎ ምን ይውጠኝ ሲል፣ ክንዱ ከሚዛኗ ላይ ሳይወርድ ወደነሱ ዞረ።

«ምነው? ለአያ ባዬ በአርባ ዘጠኝ አጨብጭባችሁ የለም እንዴ? እኔ በሆስፒታሉ ሃምሳ አንድ ነበርሁ። ሁለቱን ኪሎ ያመጣሁት ወለላ ዱቄት ተበድራ፣ ነጠላዋን ሸጣ በገዛችው ወተት ነው። ለሷ አታጨበጭቡም?»

እህ! ከዚያማ ያ አዳራሽ ሊፈርስ ደረሰ። አላምረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚያጨበጭበው። አንዱ ልጅ የቆርቆሮ ክዳን አንሥቶ አክሰሉን ይመታበታል። ክንዱ ወርዶ መዝገቡን ሳበና፣ «ሲሰናበት» በሚለው ረድፍ ላይ፣ በዚያው በንጹሕ እጁ፣ ሃምሳ ሦስት ብሎ ራሱ ጻፈ። አላምረው የስንብቱን ደብዳቤ ጽፎ ማኅተሙን ሁለቴ አሳረፈበት፤ አንዱ ለደመወዝ ከፋዩ አይበቃም ብሎ የፈራ ይመስል።

ባዬ ቀድሟቸው ወጣ። ወለላ በሩ ላይ፣ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ቆማለች። እውነትም የዛሬው ነጠላዋ የተጣፈ ነው፤ ያን የመጀመሪያውን ቀን የለበሰችው የት ሄደ ብሎ አለመጠየቁ ደግሞ አሁን ትዝ አለው።

«አያ ባዬ፣ ምንድነው ጭብጨባው?» አለችው። «አንሥቶ ነው? ብረቱን አንሥቶ ነው? ሐኪሙ እኮ ከልክሎታል! ምነው ዝም አሉ? ለማን ነው የሚያጨበጭቡት?»

ዕድሜውን ሙሉ ሲጠይቅ የኖረው ሰው፣ በአንድ ጊዜ ይህን ሁሉ ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነው። ጋቢዎቹን አስታቀፋት።

«ግቢና ስሚው» አላት።